«ላስብበት» ብሎ ለሸኛችሁ ሰው ምን ተብሎ ይጻፋል?

ኮምቦልቻ አንድ ሱቅ ገባችሁ እንበል። ዕቃችሁን አሳያችሁ፣ ሻይ ተጋበዛችሁ፣ ዋጋ ነገራችሁ። ባለቤቱ ራሳቸውን ነቀነቁና «ጥሩ ነው፤ እስኪ ላስብበት» አሏችሁ። ተሰናብታችሁ ወጣችሁ። ቁጥራቸው ስልካችሁ ውስጥ አለ። አሁን ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ? መቼስ?

እኔ ደሴ ላይ የደኅንነት ካሜራ እሸጣለሁ፣ እገጥማለሁም። ሥራ የጀመርሁ ሰሞን በማግስቱ ጠዋት «ሰላም፣ አሰቡበት?» ብዬ እልክ ነበር። አብዛኛው ሰው አይመልስልኝም። አንድ ሽማግሌ ግን ደውለው «ልጄ፣ ሊጥ እንኳ ለመቡካት ሦስት ቀን ይፈልጋል» አሉኝ። ስቄ ዘጋሁት። ሥራውን ሌላ ሰው ወሰደው።

ቆይቶ የገባኝ ነገር ይኸ ነው። እኛ አገር «ላስብበት» ያለ ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ አያስብም። ይማከራል። ሚስት አለች፣ ሽርክ ያለው ወንድም አለ፣ ጎረቤት ነጋዴ አለ፣ ዐረብ አገር ሆኖ ብር የሚልክ ዘመድ አለ። ውሳኔው የሚሰጠው እናንተ በሌላችሁበት፣ ዕቃውን ዓይቶት በማያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ የምትልኩት መልእክት ዋና ሥራ ሰውየውን ማስታወስ አይደለም። እሱ የሚያማክረው ሰው ጋ በደንብ መድረስ ነው።

አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ላሳያችሁ። ኮምቦልቻ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ሐጂ እያልን እንቀጥል። ሱቁ ፊት ለፊት ነው፣ ከጀርባው መጋዘን አለ፤ ቆርቆሮ፣ ፌሮ፣ ሲሚንቶ፣ ምስማር። የሄድሁት ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ ሰው ልቡ እዚያ ነው፤ ሰኞን ለእንዲህ ያለ ወሬ አልመርጠውም።

መልእክቱ የሚጀመረው ሱቁ ውስጥ ነው

«ላስብበት» ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ ብለን ቦርሳችንን እናነሳለን። እንዳናስቸግር ነው። ግን ከዚያ በኋላ የምትጽፉት ነገር ጥሬ ዕቃው ያለው እነዚያ የመጨረሻ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ሳትነሱ ሦስት ነገር ጠይቁ።

መጀመሪያ የሚያሳስባቸውን። እኔ ሐጂን እንዲህ አልኋቸው፦ «ማሰብዎ ጥሩ ነው፤ ትንሽ ብር አይደለም። ብቻ ሲያስቡት ከሁሉ በላይ የሚከብድዎ የቱ ነው?» ከዚያ ዝም አልሁ። ዝም ማለቱ ከባድ ነው። ዋጋ እንድትቀንሱ የሚጠይቁ መስሏችሁ ቀድማችሁ «ዋጋው ከሆነ እንነጋገራለን» ትላላችሁ። አትበሉ። ሐጂ ትንሽ ቆይተው «መብራት ሲጠፋስ?» አሉ። የዋጋ ነገር አልተነሳም።

ሁለተኛ፣ ከማን ጋር እንደሚማከሩ። ይህንን በአክብሮት ካነሳችሁት ማንም አይከፋበትም። «የሚያማክሩት ሰው ካለ ለእሱም የሚሆን ነገር ላዘጋጅ ብዬ ነው» አልኋቸው። ወንድማቸው ጅዳ ነው። ሱቁ የሁለቱ ነው።

ሦስተኛ ቀኑን። «ቅዳሜ ከሰዓት ብደውል ይመቻል?» አልሁ። «እሺ፣ ኢንሻአላህ» አሉ። ቀን ከተቆረጠ በኋላ የምትጽፉት ሁሉ የቃል መጠበቅ እንጂ ጭቅጨቃ አይሆንም። «የለም፣ እኔው እደውልልሃለሁ» ካሉስ? ይህ ብዙ ጊዜ በትሕትና የተጠቀለለ «አይሆንም» ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። «እሺ፣ ምናልባት ሥራ ከበዛብዎ እኔ በሳምንቱ አንዴ ሰላም እልዎታለሁ» ብላችሁ ፈቃድ ይዛችሁ ውጡ።

ሚኒባስ ላይ የሚጻፍ ነገር

ከኮምቦልቻ ደሴ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱን እየወጣችሁ እጅግ ቢበዛ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ደሴ ደርሳችሁ ብርዱ ሲቀበላችሁ ግማሹን ረስታችሁታል። ስለዚህ መኪናው ሳይሞላ ጻፉት። የምትጽፉት እናንተ ያላችሁትን አይደለም፣ እሳቸው ያሉትን ነው። በራሳቸው ቃል።

የእኔ ማስታወሻ ይህን ይመስል ነበር፦ «የኔ ችግር ሌባ አይደለም፤ ቆጠራው አልገጥም አለኝ»። «ከሱቅ ሆኜ መጋዘኑን ባየው ይበቃኝ ነበር»። «መብራት ሲጠፋስ?» ወንድም፣ ጅዳ፣ ሽርክ። ቅዳሜ ከሰዓት። ስልኩን ብዙ ጊዜ የሚይዘው ልጃቸው ነው።

የመጨረሻዋን መስመር በዓይኔ ዓይቼ ነው የጻፍኋት። ስልካቸው ሲጮህ ያነሳው ልጁ ነበር። አንድ ሠራተኛም አጠገባቸው ቆሟል። ይቺ ነገር በኋላ አዳነችኝ። «ቆጠራው አልገጠመም» የሚለውን ቃል መልእክት ላይ ብጽፈው ሠራተኛው ሊያነበው ይችላል። ያኔ እኔ ካሜራ ሻጭ ሳልሆን ነገር አመላላሽ ነኝ። ስለዚህ ከራሳቸው ሁለት አባባሎች የትም ቢነበብ የማያስቀይመውን መረጥሁ፦ ከሱቅ ሆኖ መጋዘኑን ማየት።

የመጀመሪያው መልእክት፣ በዚያው ቀን ማታ

ሱቅ ተዘግቶ፣ መግሪብ ተሰግዶ፣ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ላክሁት። ከሦስት ሰዓት በኋላ አልልክም፤ ሰው ተኝቶ ሊሆን ይችላል። በማግስቱ መላክም ይቻላል፣ ግን የዚያን ዕለት ሲሆን ፊታችሁን ገና አልረሱትም።

> ሐጂ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። የካሜራው ልጅ ነኝ፣ ከደሴ። ዛሬ በሥራ መሃል ጊዜ ሰጥተው ስላነጋገሩኝ፣ ለሻዩም አላህ ይስጥልኝ።
>
> ከሱቅ ሆነው መጋዘኑን ማየት እንደሚፈልጉ ይዣለሁ። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን የጠየቁኝንም መልሱን ከነዋጋው ጽፌ፣ ወንድምዎም ሊያዩት በሚችሉት መልኩ ሐሙስ ማታ እልክልዎታለሁ።
>
> እንደተባባልነው ቅዳሜ ከሰዓት እደውላለሁ። መልካም ምሽት።

በቃ። ዋጋ የለበትም። «አሰቡበት?» የለበትም። የካሜራ ጥቅም ዝርዝር የለበትም። አንድ ምስጋና፣ ከእሳቸው አፍ የወጡ ሁለት ነገሮች፣ አንድ ቃል ኪዳንና አንድ ቀን። መልስ እንዲሰጡ የሚያስገድድ ጥያቄም የለም። ሐጂ «አሚን» ብቻ ብለው መለሱ። ይበቃል።

አጠራሩን ግን ተጠንቀቁ። «ሐጂ» የሚባለው ሐጅ ያደረገ ሰው ነው፤ ሽማግሌ ሙስሊም ሁሉ ሐጂ አይደለም። ሰው ሲጠራቸው ሰምታችሁ ያዙ። ካልሰማችሁ «ጋሼ» ያስኬዳል፤ ለሴት «እትዬ»። ወሎ ላይ አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም እምነት ስለሚኖር በስም ብቻ ተነስቶ ሰላምታ መምረጥ ያሳስታል፤ እሳቸው እናንተን በተቀበሉበት ሰላምታ መልሱ። ሌላው ስሕተት «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ መሃል ላይ «ነግረኸኝ ነበር» ውስጥ መግባት ነው። ይህ የሚመጣው ከሌላ ሰው መልእክት ላይ ገልብጣችሁ ስትለጥፉ ነው። ከመላካችሁ በፊት ግሦቹን ብቻ አንድ ጊዜ ተመልከቱ፦ ይፈልጋሉ፣ ያዩታል፣ ይንገሩኝ። አንዷ ከሾለከች መልእክቱ ለስንት ሰው እንደተላከ ታሳብቃለች።

ሁለተኛው መልእክት ለማታውቁት ሰው ነው

ይህ ዋናው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ምንም ባትልኩ የሚሆነውን አስቡት። ሐጂ ማታ በኢሞ ወንድማቸው ጋ ይደውላሉ። ስለ ቤተሰብ ያወራሉ፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ያወራሉ። መጨረሻ ላይ «አንድ ልጅ መጥቶ ካሜራ ላስገባ ይላል፤ ወደ መቶ ሺህ ነው» ይላሉ። ወንድምየው «ተወው በቃ» ይላል። እናንተ አርባ ደቂቃ ያስረዳችሁት ነገር አንዲት ዓረፍተ ነገር ሆነ፤ ከዓረፍተ ነገሯም የቀረው ብሩ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሐጂ ምንም ሳያስረዱ አስተላልፈው ብቻ ሊልኩት የሚችሉት ጽሑፍ ይዘጋጃል። መለኪያው ቀላል ነው። ጽሑፉን ስለ ጉዳዩ ምንም ለማያውቅ ጓደኛችሁ አስነብቡት። «ይህ ምንድነው?» ብሎ ከጠየቀ አልሆነም። «ባለፈው እንደነገርሁዎት» የሚል ቃል ካለበት አልሆነም፤ ለወንድምየው ባለፈው የነገርሁት ነገር የለም።

ሐሙስ ማታ የላክሁት ይኸውላችሁ። ብሩን ለምሳሌ ያህል ውሰዱት፤ የየሰዉ ዋጋ ይለያያል።

> ሰላም። ይህ ለኮምቦልቻው የሕንፃ መሣሪያ ሱቅና መጋዘን የተዘጋጀ የካሜራ ሐሳብ ነው።
>
> የሚገጠመው 8 ካሜራ ነው። 3 ሱቁ ውስጥና በሩ ላይ፣ 4 መጋዘን ውስጥ፣ 1 ዕቃ የሚራገፍበት ግቢ። ቦታዎቹ ፎቶዎቹ ላይ በቀይ ተከበዋል።
>
> ሱቁ ውስጥ ባለ ስክሪን ይታያል። ሱቁ ኢንተርኔት ካለው ከየትኛውም አገር በስልክ ይታያል። ኢንተርኔት ቢቋረጥ በስልክ ማየቱ ይቀራል እንጂ መቅዳቱ አይቆምም።
>
> የተቀዳው ሦስት ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ ከዚያ አሮጌው እየጠፋ በአዲስ ይተካል።
>
> መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚገጠመው የዩፒኤስ ባትሪ አንድ ሰዓት ገደማ ያቆየዋል። ከዚያ በላይ ከጠፋ ካሜራው ይቆማል፤ መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሳል።
>
> ዋጋው ዕቃ፣ ገመድ፣ የእጅና ቫት ተጠቃሎ 98,500 ብር ነው። የ1 ዓመት ዋስትና አለው።
>
> መጋዘኑን ብቻ በ4 ካሜራ ለመጀመር 57,000 ብር። ሌላው በፈለጉ ጊዜ እዚያው ላይ ይጨመራል።
>
> ጥያቄ ካለ በዚህ ቁጥር በዋትስአፕ በቀጥታ ሊጠይቁኝ ይችላሉ።

ከጽሑፉ ጋር ሦስት ፎቶ ላክሁ። የካሜራ ፎቶ አይደለም። የራሳቸው መጋዘን ፎቶ ነው፣ ማክሰኞ ዕለት አስፈቅጄ ያነሳሁት፤ ካሜራ የሚገባበት ላይ በስልኬ ቀይ ክብ ሠርቼበታለሁ። ጅዳ ያለ ሰው የካሜራ ፎቶ ሞልቶታል። የገዛ መጋዘኑን ግን ካየ ዓመት ሆኖት ሊሆን ይችላል።

ስለ መብራቱ ያለውን አንቀጽ አንድ ጓደኛዬ «ለምን ድክመትህን ትጽፋለህ?» ብሎኛል። እሳቸው የጠየቁት ይህንኑ ነዋ! የጠየቁትን ዘልዬ ያልጠየቁትን ብጽፍ፣ መጀመሪያ የሚታያቸው የጎደለው ነው። ደግሞም ትንሽ ዩፒኤስ ስምንት ካሜራ ከነመቅጃው ሌሊቱን ሙሉ እንደማይሸከም ማንኛውም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይነግራቸዋል። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከኔ ይስሙት።

ባለ አራት ካሜራውን ደግሞ እንደ ቅናሽ እንዳታዩት። ቅናሽ አይደለም። «ላስብበት» ያለ ሰው ቀንስልኝ አላለም። ሳይጠይቅ አሥር ሺህ ብትቀንሱለት «ታዲያ ማክሰኞ ለምን 98,500 አለኝ?» ይላል። እውነቱን ነው። ብር መቀነስ ካለበት አብሮት ዕቃ ይቀነስ። ያኔ ዋጋችሁ ዋጋ ሆኖ ይቆያል።

«ዛሬ ካልወሰዱ ነገ ይጨምራል» የሚለውን ደግሞ ተዉት፤ እውነት ካልሆነ። አንዳንዴ ግን እውነት ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን አስመጪው ዋጋ ሲለውጥ እኛም እንለውጣለን። ይህ ከሆነ ማስፈራሪያ ሳይሆን ቀን ጻፉ፦ «ይህ ዋጋ እስከዚህ ቀን የጸና ነው» ብላችሁ ፕሮፎርማው ላይ። ቀኑ ካለፈ በኋላ በዚያው ዋጋ ከሸጣችሁ ግን ሁለተኛ የምትጽፉትን ቀን ማንም አያምናችሁም።

ሐሙስን የመረጥሁት በዘፈቀደ አይደለም። ሳዑዲ የዕረፍት ቀኑ ዓርብና ቅዳሜ ነው። ሰዓቱ ከኛ ጋር አንድ ነው። ወንድማማቾቹ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በደንብ ያወራሉ ብዬ ነው። እናንተም የሚያማክሩት ሰው መቼ እንደሚያርፍ አስቡና ከዚያ በፊት ባለው ምሽት ላኩ።

በምን ይላካል?

እሳቸው በሚጠቀሙበት። ቴሌግራም ላይ ያለ ሁሉ ቴሌግራም አያነብም። ዐረብ አገር ዘመድ ያለው ቤት ዋትስአፕና ኢሞ ላይ ነው ያለው። ማክሰኞ ዕለት «ፎቶ ብልክ በየቱ ይደርስዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቁልፍ ስልክ የያዘ ሰው ከሆነ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ትልካላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። በአማርኛ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው፣ ክፍት ቦታና ነጥቡ ተቆጥሮ። ከዚያ ካለፈ መልእክቱ ይቆራረጣል። ቁርጥራጩ በዘመናዊ ስልክ ላይ ተገጣጥሞ ይታያል፤ በአንዳንድ አሮጌ ስልክ ግን ተበታትኖ ይመጣል። የኔን ያን ረጅም ጽሑፍ በዚህ መንገድ ብልከው ስምንት ወይም ዘጠኝ ቁራጭ ነው። ስለዚህ አጭሩ መልእክት ወደ ረጅሙ የሚጠቁም ብቻ ይሁን፦

> ሐጂ ሰላም ዋሉ? የካሜራው ልጅ ነኝ ከደሴ። ፎቶውን ለልጅዎ ልኬዋለሁ።

ይቺ ከ70 ታንሳለች። አንዳንድ አሮጌ ስልክ የአማርኛ ፊደል ጨርሶ አያሳይም፤ አራት ማዕዘን ሳጥን ይደረድራል። ያኔ መደወል ይሻላል።

ንባብ ለሚከብዳቸው ድምፅ ላኩ። ግን ከአርባ ሰከንድ አይብለጥ፣ ጽሑፉንም አይተካ። ድምፅ ወንድምየው ጋ ሲደርስ ዋጋውን ለማግኘት ሁሉንም ማዳመጥ አለበት፤ ጽሑፍ ላይ ዓይኑ ወዲያው ብሩ ላይ ያርፋል። እኔ ሁለቱንም ላክሁ። ድምፁ ላይ ያልሁት «ሐጂ፣ የተባባልነውን ጽፌ ልኬያለሁ፤ ለወንድምዎ እንዳለ ቢያስተላልፉለት ይበቃል» ብቻ ነው።

ቀኑ ደርሶ «ገና ነው» ሲሉ

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወልሁ። «አይ፣ ገና አልተነጋገርንም» አሉ ሐጂ።

እዚህ ላይ አፍ የሚቀድመው «ታዲያ መቼ ልደውል?» የሚለው ነው። እሱን ዋጥ አድርጉት። ስለ ውሳኔው ሳይሆን ስለ መልእክቱ ጠይቁ። «ምንም አይደል ሐጂ። ብቻ የላክሁት ጽሑፍ ለወንድምዎ ደርሷቸዋል ወይስ በድጋሚ ልላክ?»

ትንሽ ዝምታ። ከዚያ ልጃቸውን ሲጠሩ ሰማሁ። አልተላለፈም! ልጁ ስልክ ቀይሮ ነበር፤ ፎቶዎቹ አሮጌው ስልክ ላይ ቀርተዋል። ሁለት ቀን ሙሉ ወንድምየው አንብቦ እያሰበ መስሎኝ ነበር። «ታዲያ መቼ?» ብዬ ቢሆን ሐጂ «እደውልልሃለሁ» ብለው ይዘጉት ነበር፣ እኔም ተስፋ እቆርጥ ነበር። በዚያው ደቂቃ በድጋሚ ላክሁ።

ይህ ደጋግሞ ያጋጥማል። የዘገየ መልስ ሁሉ ጥርጣሬ አይደለም። አንዳንዴ መልእክቱ በተሳሳተ ስልክ ላይ ተቀምጦ ነው።

ጭራሽ ዝም ሲሉ

ሥራው በሕይወት እንዳለ የምታውቁት በአዲስ ጥያቄ ነው። «ገመዱ በየት ያልፋል?» ያለ ሰው እያሰበ ነው፤ ለሁለት ሳምንት ባይደውልም። «ኢንሻአላህ እናያለን» ብቻ እያለ ምንም የማይጠይቅ ሰው ግን አይሆንም እያላችሁ ነው። አንደበቱ እንዳያስቀይማችሁ ነው። እኛ አገር ፊት ለፊት «አልፈልግም» ማለት ነውር ስለሚመስል ሥራችሁ ያንን ቃል ለእሱ ማቅለል ነው።

ከመጨረሻው ንግግር አሥር ቀን ገደማ ቆይቼ አንድ መልእክት እልካለሁ። ሐጂ ጋ አላስፈለገም። ደሴ ፒያሳ አካባቢ መድኃኒት ቤት ላላቸው አንዲት እናት ግን የላክሁት ይህ ነው፦

> እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የካሜራው ልጅ ነኝ። ሐሳቡ ለጊዜው ይቆይ ካሉ «ይቆይ» ብለው ብቻ ይጻፉልኝ፤ ቅር አይለኝም፣ ደግሜም አላስቸግርዎትም። የቀረ ጥያቄ ካለ ደግሞ «ደውል» ይበሉኝ።

በአንድ ቃል የሚመለስ መሆኑን ልብ በሉ። በሰዓቱ «ይቆይ» ብለው መለሱ። አመስግኜ ስማቸውን ከዝርዝሬ ሰረዝሁ። ቃሌን ጠብቄ ከዚያ ወዲህ አልጻፍሁላቸውም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፤ ባልልክ ኖሮ እሳቸውም ከእኔ ይሸሹ፣ እኔም በየሳምንቱ እጨቀጭቃቸው ነበር።

ለበዓል «እንኳን አደረሰዎ» ወይም «ዒድ ሙባረክ» መላክ ይቻላል፣ ያምራልም። ግን ከሥሩ የዋጋ ዝርዝር የለጠፈ ሰው ዓይቻለሁ። እባካችሁ። ወይ በዓሉን አክብሩ ወይ ካሜራ ሽጡ።

ድርጅት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካዎቹ አካባቢ «እናስብበት» ከተባላችሁ ብዙ ጊዜ ሌላ ፕሮፎርማ እየተሰበሰበ ነው ማለት ነው። እዚያ የሚያማክሩት ሰው ወንድም ሳይሆን ግዥ ክፍል ነው። «ከስንት ፕሮፎርማ ጋር ነው የሚወዳደረው? የጎደለ ሰነድ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማኅተም ወይም ቀን የጎደለው ፕሮፎርማ በዝምታ ይወድቃል፤ ማንም ደውሎ አይነግራችሁም።

ሐጂ ጋ የሆነው

እሑድ ማታ ከሳዑዲ ቁጥር በዋትስአፕ ተደወለልኝ። ወንድምየው ናቸው። ጽሑፉን አንብበውታል፣ ምክንያቱም «ይቺ አንድ ሰዓት ያልሃት ባትሪ በትልቅ ብትቀየርስ ስንት ነው?» ብለው ጀመሩ። ነገርኋቸው። በዛባቸው፣ ተዉት። ቀጥለው በስልክ የሚያየው ማን ማን እንደሆነ ጠየቁ። የይለፍ ቃሉን የያዘ ብቻ እንደሆነና እሱንም ስንገጥም ሐጂ ራሳቸው እንደሚያስገቡት ነገርኋቸው። ከዚያ «በአራቱ ጀምር፤ መጋዘኑን» አሉኝ።

ግማሽ ክፍያ ገባ፣ በሳምንቱ ገጠምን። መቅጃው ለስምንት የሚሆን ስለሆነ አራት መሰኪያ ባዶ ነው። ሐጂ «ሌላውን ከረመዳን በኋላ እናያለን» ብለዋል። ደብተሬ ላይ ያንን ሳምንት ምልክት አድርጌበታለሁ። ከጎኑ የጻፍሁት «ዕቃ የሚራገፍበት ግቢ» የሚል ነው፤ ወንድምየው ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ «ያቺ ግቢዋስ?» ያሉት እሷን ነበርና።